ለደንበኞች ወርሃዊ ኢሜይል ለመጀመር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የቀረበ ንጽጽር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የመጻሕፍት መደብር እናስብ። በመክፈያው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ተቀምጧል። የፈለጉትን መጽሐፍ ያጡ ደንበኞች ስማቸውንና ስልካቸውን፣ አንዳንዶቹም ኢሜይላቸውን ጽፈውበት ይሄዳሉ፤ መጽሐፉ ሲመጣ እንዲነገራቸው ነው። መደብሩ ድረ ገጽም አለው። በፍራንክፈርትና በዋሽንግተን የሚኖሩ የወሎ ልጆች በእሱ በኩል መጻሕፍት ያዝዛሉ፣ ደሴ ያሉ ዘመዶቻቸውም መጥተው ይረከቡላቸዋል። አሁን ባለቤቱ በየወሩ አዲስ የገቡ መጻሕፍትን ዝርዝር በኢሜይል መላክ ፈልጓል። በድረ ገጹ ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ ማኖር፣ ከዚያም የመጀመሪያውን መልእክት መላክ አለበት።

ለዚህ ሥራ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጎግል ፎርምስ መዝግቦ ከተለመደው ጂሜይል መላክ ነው። ሁለተኛው እንደ ብሬቮ፣ ሜይልቺምፕና ሜይለርላይት ያሉ፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ የመላኪያ አገልግሎቶችን መጠቀም ነው። ሦስተኛው ሊስትሞንክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በራስ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው በዋጋ ነው፤ እኔ ግን ዋጋውን ወደ ኋላ አድርገው ሦስት ነገሮችን እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። ይህ ሰው ኢሜይል እንዲላክለት ፈቅዷል ሲሉ ማስረጃዎ ምንድን ነው? ሰውየው ይብቃኝ ቢል እርስዎን ሳይለምን መውጣት ይችላል? አድራሻውስ የሚቀመጠው ማን ዘንድ ነው?

ሕጉም በመሠረቱ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት የአንድ ሰው መረጃ የሚሰበሰበው ለተለየና ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ሰውየው የሰጠውን ስምምነትም መልሶ መውሰድ ይችላል። ስልክና ኢሜይል እንደ ስም ሁሉ የግል ዳታ ናቸው። ፍራንክፈርት ያለው ደንበኛ ደግሞ የአውሮፓን የመረጃ ጥበቃ ደንብ ይዞ ይመጣል። ደንቡ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት እስካቀረቡ ድረስ መደብርዎ ደሴ መሆኑ ከደንቡ ነፃ አያደርግዎትም። ስምምነት መኖሩን የማስረዳት ኃላፊነቱም የላኪው ነው። ዋሽንግተን ላለው ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኢሜይል ሕግ አለ። ይህ ሕግ ቅድመ ፈቃድ ባይጠይቅም፣ የላኪው ትክክለኛ የመሬት ወይም የፖስታ አድራሻ በመልእክቱ ላይ እንዲጻፍ፣ አልፈልግም ያለ ሰውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያዛል።

ከሦስቱ ጥብቅ የሆነውን ማለትም የአውሮፓውን ከተከተሉ በፈቃድ ረገድ የሌሎቹንም ያሟላሉ። የአሜሪካው የአድራሻ ግዴታ ብቻ በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ ለየአገሩ የተለየ ዝርዝር መያዝ አያስፈልግም፤ ለሁሉም አንድ ሥርዓት ይበቃል።

በደብተሩ ላይ ያሉት ስሞች

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ነጋዴዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደብተሩ ላይ ለምሳሌ 140 ኢሜይል አለ እንበል። ባለቤቱ ሁሉንም አስገብቶ መላክ ያምረዋል፤ ደንበኞቹ ናቸውና። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አድራሻቸውን የሰጡት አንድ መጽሐፍ ሲመጣ እንዲነገራቸው ነው። መጽሐፉ መጣ፣ ተነገራቸው፣ ዓላማውም በዚያው ተፈጸመ። ወርሃዊ ማስታወቂያ ሌላ ዓላማ ስለሆነ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሦስት ምርጫዎች ይታሰባሉ። ለሁሉም መላክ ግልጽ ጥሰት ነው። ሁለተኛው «ኢሜይል እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ለሁሉም ጠይቆ እሺ ያሉትን ብቻ ማስቀረት ነው። ይህ ጨዋነት ይመስላል፤ ችግሩ ፈቃድ የሚጠይቀው ኢሜይል ራሱ ያለ ፈቃድ የተላከ መሆኑ ነው። ብሪታንያ ውስጥ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመረጃ ኮሚሽነሩ ቢሮ በዚሁ ምክንያት ፍላይቢ የተባለውን አየር መንገድ 70,000 ፓውንድ፣ የሆንዳን የአውሮፓ ድርጅት ደግሞ 13,000 ፓውንድ ቀጥቷል። ፍላይቢ ማስታወቂያ አንፈልግም ላሉ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች «መረጃዎን ያስተካክሉ» የሚል ኢሜይል ልኮ ነበር። ሆንዳ ደግሞ ፈቃዳቸው በግልጽ ላልታወቀ ደንበኞች «ከእኛ መልእክት መቀበል ይፈልጋሉ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ድርጅቶቹ ሕግ ለማክበር እየተዘጋጀን ነው ቢሉም ከቅጣት አልዳኑም።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ደብተሩን ጨርሶ ወደ ኢሜይል ዝርዝሩ አለማስገባት። ሰዎቹ መደብሩ ድረስ የሚመጡ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የድረ ገጹን መመዝገቢያ የያዘ የኪውአር ኮድ አትመው ያስቀምጡ፤ ደንበኛው በገዛ ስልኩ ይመዝገብ። ከ140ው የሚመዘገቡት 40 ቢሆኑ እነዚያ 40 በእርግጥ የሚፈልጉ ናቸው። የቀሩትን 100 ደግሞ እርስዎ አላስቀየሟቸውም። በደብተሩ ላይም ከእንግዲህ የኢሜይል ዓምድ አያስፈልግም። መጽሐፍ መምጣቱን ለመንገር ስልክ ይበቃል፤ ደንበኛው መጽሐፉን ከወሰደ በኋላም መስመሩ በደንብ ይሰረዝ። ደብተሩ ለሁሉም ዓይን ክፍት ሆኖ መዋሉ ራሱ መታረም ያለበት ነገር ነው፤ የአንዱን ደንበኛ ስልክ ሌላው ገልጦ እንዲያነብ የፈቀደ የለም።

አንደኛው መንገድ፦ ጎግል ፎርምስና ጂሜይል

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ገንዘብም ሆነ የተለየ ዕውቀት አለመጠየቁ ነው። ፎርሙ መልሶችን ወደ ሰንጠረዥ ሲያስገባ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ ይመዘግባል፤ ይህ የማስረጃ ጅምር ነው። ድክመቱ የሚታየው ሲላክ ነው። በጂሜይል ለብዙ ሰው ሲጽፉ አድራሻዎቹን `Bcc` በተባለው መስመር ማስገባት አለብዎት፤ ተቀባዮቹ አንዱ የሌላውን አድራሻ እንዳያይ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። በችኮላ `To` ወይም `Cc` ላይ ከተለጠፉ ግን የሁሉም ደንበኛ አድራሻ ለሁሉም ተገለጠ ማለት ነው፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ደግሞ መመለስ አይቻልም። የአውሮፓው ደንብ ይህን እንደ መረጃ መፍሰስ ይቆጥረዋል፤ በሰዎቹ ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲነገር ያዛል። አንድ የተሳሳተ መለጠፍ ይህን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል፤ እኔ ይህን መንገድ የምፈራው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ድክመት መውጫ በር የሌለው መሆኑ ነው። «መቀበል ካልፈለጉ ይመልሱልን» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን መልስ ማንበብና ከሰንጠረዡ መሰረዝ የሰው ሥራ ነው። ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ለመጽሐፍ ግዢ አዲስ አበባ ከሄደ ሥራው ይቆማል። ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን ለ500 ተቀባይ ብቻ እንዲልክ መፈቀዱም ሌላ ገደብ ነው። ፎርሙ የተጻፈለት አድራሻ የጻፈው ሰው የራሱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

የሚያውቋቸው ሠላሳና አርባ ሰዎች ለሆኑበት የአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ ይህ መንገድ ይበቃል። ለመደብር ግን አልመክረውም።

ሁለተኛው መንገድ፦ የመላኪያ አገልግሎት

እዚህ ቅጹን የሚያዘጋጀው፣ ማረጋገጫውን የሚልከው፣ የምዝገባውን ቀንና ሰዓት የሚያስቀምጠው፣ መውጫውን የሚሠራው አገልግሎቱ ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ ለብቻው የተላከ ደብዳቤ ስለሚደርሰው የ`Bcc` አደጋ የለም። ለአነስተኛ ዝርዝር ነፃ ደረጃ አላቸው፤ ለምሳሌ ብሬቮ በነፃ ደረጃው በቀን እስከ 300 ኢሜይል ይፈቅዳል። ከደሴ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረው ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አገልግሎት ሲመርጡ ግን የዛሬውን ነፃ ደረጃ ብቻ አይዩ፤ ዝርዝሩ ካደገ በምን እንደሚከፍሉ ከወዲሁ ያስቡ። ዝርዝሩን ከምዝገባ ቀኖቹ ጋር በፋይል አውርደው ይዘው መሄድ እንደሚችሉም ያረጋግጡ፤ ቀኖቹ ከቀሩ ማስረጃዎ አብሮ ይቀራል።

ሁለት ነገሮች ግን ከእርስዎ ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው የራስ ዶሜይን ነው። ብዙዎች በአገልግሎቱ ውስጥ የላኪውን አድራሻ በ`@gmail.com` የሚያልቅ ያደርጉታል። ጎግል ከራሱ ሰርቨር ውጭ በጂሜይል ስም የሚላክን ደብዳቤ እንደ ማስመሰል ስለሚያየው ደብዳቤው አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ይገባል። ድረ ገጹ የራሱ ዶሜይን ካለው ላኪውም በዚያው ዶሜይን ስም ይሁን፤ አገልግሎቱ የሚሰጥዎትን የኤስፒኤፍ እና የዲኪም መዝገቦች ዶሜይኑን በገዙበት ቦታ ያስገቡ። መዝገቦቹ ለተቀባዩ ሰርቨር የሚናገሩት ይህ አገልግሎት በእኔ ስም እንዲልክ ፈቅጃለሁ የሚል ነው። ይህን ማረጋገጫ ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግበት የሚለውን የሚናገረው የዲማርክ መዝገብ ደግሞ እንዲህ ተጀምሮ ሊጨመር ይችላል፤ ዶሜይኑ በእርስዎ ይተካ፦

```
_dmarc.example.com  TXT  "v=DMARC1; p=none; rua=mailto:dmarc@example.com"
```

ሁለተኛው ክትትሉ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች አብዛኛውን ጊዜ ማን ኢሜይሉን እንደከፈተ፣ የትኛውን ማያያዣ እንደነካ የሚመዘግቡት ሳይጠየቁ ነው። መከፈቱን የሚያውቁት በደብዳቤው ውስጥ ባለ የማይታይ ትንሽ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ሲጫን ሰውየው መቼ እንደከፈተ ይታወቃል። አንባቢው የፈቀደው የመጽሐፍ ዝርዝር እንዲደርሰው ነው፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማንበቡ እንዲታወቅ አይደለም። ቁጥሩም ቢሆን አያስተማምንም። የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባለቤቱ ባይከፍተውም ሥዕሎቹን አስቀድሞ ሊጭን ይችላል፤ ያኔ ያልተነበበው ደብዳቤ እንደተነበበ ይቆጠራል። ለመጽሐፍ ሻጭ ትክክለኛው መለኪያ ስንት ሰው መጽሐፍ ጠየቀ የሚለው ስለሆነ ክትትሉን ያጥፉት። ማጥፊያ የሌለው አገልግሎት ካጋጠመዎት ሌላ ይምረጡ።

አድራሻው የሚቀመጠው ውጭ አገር መሆኑም መነገር አለበት። አዋጁ የግል ዳታ ከአገር ሲወጣ የሚሟሉ ቅድመ ሁኔታዎችን ይደነግጋል። ስለዚህ ከቅጹ ሥር የትኛው አገልግሎት፣ በየት አገር እንደሚያስቀምጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ሰውየው ያንን እያወቀ ይስማማ።

ሦስተኛው መንገድ፦ የራስ ሰርቨር

ሊስትሞንክ ጥሩ ሶፍትዌር ነው። ተመዝጋቢው በሚላክለት ኢሜይል እንዲያረጋግጥ የሚያደርግ ድርብ ማረጋገጫ አለው፣ የግለሰብ ክትትልን ማጥፋት ይቻላል፣ ተመዝጋቢው የራሱን መረጃ እንዲያወርድና እንዲሰርዝ ማድረግም ይፈቅዳል። አድራሻዎቹ የሚቀመጡት እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። በግላዊነት ብቻ ቢመዘን አንደኛ በወጣ ነበር።

ሆኖም በመደብሩ ጓዳ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የማረጋገጫውም የመውጫውም ማያያዣ አብሮ ይሞታል፤ መውጣት የፈለገ ሰው ያልተከፈተ ገጽ ይጠብቀዋል። ከቤትና ከሱቅ መስመር በቀጥታ የሚላክን ኢሜይልም ትልልቆቹ ተቀባዮች በአብዛኛው አይቀበሉም። ስለዚህ ሰርቨር መከራየት፣ ለመላኩም እንደ አማዞን ያለ ሌላ አገልግሎት ማገናኘት ግድ ይሆናል፤ እሱም አዲስ አካውንትን በቀን 200 ኢሜይል፣ ያንንም አስቀድመው ለተረጋገጡ አድራሻዎች ብቻ ገድቦ ነው የሚጀምረው። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ናቸው። ሰርቨሩን በየጊዜው የሚያድስ ባለሙያ ካልተገኘ ደግሞ ያረጀው ሶፍትዌር ለሰርጎ ገቦች ክፍት ይሆንና አድራሻዎቹ ከውጭው አገልግሎት የባሰ ይጋለጣሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ የራሱ የኮምፒውተር ክፍልና ቋሚ ባለሙያ ያለው ፋብሪካ ቢያስበው ይገባኛል። ባለ አንድ ክፍል መደብር ግን ሁለተኛውን መንገድ ይያዝ።

ነጠላ ምዝገባ ወይስ ድርብ ማረጋገጫ?

የመላኪያ አገልግሎት የመረጠ ሰው የሚቀጥለው ውሳኔ ይህ ነው። በነጠላ ምዝገባ ሰውየው አድራሻውን እንደጻፈ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በድርብ ማረጋገጫ ግን መጀመሪያ አንድ አጭር ኢሜይል ይደርሰዋል፤ በውስጡ ያለውን ማያያዣ ነክቶ ካላረጋገጠ አይገባም። በሁለተኛው አንዳንድ ተመዝጋቢዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ብዙ ነጋዴዎች ነጠላውን የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ ሁኔታ ግን ድርቡ ግዴታ ነው እላለሁ። ብዙ ሰው የጂሜይል አካውንቱን የከፈተለት ስልክ የሸጠለት ወይም ያስተካከለለት ልጅ ነው። አድራሻውን በቃሉ አያውቀውም፤ የሚስጥር ቁጥሩም አንዳንዴ የሚገኘው ልጁ ዘንድ ነው። ቅጹ ላይ የሚሞላው የመሰለውን ነው፤ አንዲት ነጥብ ወይም ቁጥር ስትሳሳት አድራሻው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በነጠላ ምዝገባ ያ ባዕድ ሰው በየወሩ ያልጠየቀው ዝርዝር ይደርሰዋል፣ ተናዶም «አይፈለጌ መልእክት» የሚለውን ይጫናል። ጎግል ከላኪዎች የሚጠይቀው የእንዲህ ዓይነት ቅሬታ መጠን ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። 300 ተቀባይ ላለው መደብር አንድ ቅሬታ ብቻ 0.33 በመቶ ነው። በማረጋገጫው ላይ የሚጠፉት ሰዎች አብዛኞቹ ደብዳቤው ቢላክም የማያነቡት ናቸው፤ ኪሳራው በወረቀት ላይ ነው።

ጀርመን ላሉት ደንበኞችም ድርቡ ይበጃል፤ እዚያ ፍርድ ቤት ፈቃድህን አሳይ ሲል የተለመደው ማስረጃ እሱ ነው። የማረጋገጫው ኢሜይል ራሱ ግን ንጹሕ ይሁን። ቅናሽ፣ የመጽሐፍ ሥዕል፣ ማስታወቂያ አይጨመርበት፤ ሰውየው ገና አልፈቀደምና። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ይህ አድራሻ በመደብራችን ድረ ገጽ ላይ ወርሃዊ የመጻሕፍት ዝርዝር እንዲላክለት ተመዝግቧል። የመዘገቡት እርስዎ ከሆኑ ከታች ያለውን ይንኩ። ካልሆኑ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም፤ ሌላ ኢሜይል አይደርስዎትም።»

ማያያዣው ሲነካ ወዲያው ማረጋገጥ የለበትም፤ «አረጋግጣለሁ» የሚል ቁልፍ ያለበት ገጽ ይክፈት። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት የኢሜይል ሥርዓቶች ለደኅንነት ሲሉ በደብዳቤ ውስጥ ያለውን ማያያዣ ሁሉ ሰው ሳይነካው ራሳቸው ከፍተው ይፈትሻሉ። ያኔ ማንም ሳይፈቅድ የተፈቀደ ይመስላል። በመውጫው በኩልም ሰውየው ሳይፈልግ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል።

ቅጹን የት ማኖር?

ለወርሃዊው ኢሜይል ብቻ የቆመ ቅጽ ቀላል ነው፤ አድራሻ መጻፊያ፣ ምን እንደሚላክና በየስንት ጊዜው የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቁልፍ። ስም፣ ስልክ፣ ዕድሜ አይጠየቅ፤ ዝርዝር ለመላክ አያስፈልጉም።

ችግር የሚመጣው ከመጽሐፍ ማዘዣው ቅጽ ጋር ሲጣመር ነው። ማዘዣው ላይ ኢሜይል የሚጠየቀው ስለ ትዕዛዙ ለመንገር ነው። ለወርሃዊው የሚሆን ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ለብቻው፣ ባዶውን ይቀመጥ። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አለመሆኑን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ ወስኗል። ሳጥኑን ያልነካ ሰውም መጽሐፉን ማዘዝ መቻል አለበት፤ ሳይስማሙ መቀጠል ካልተቻለ ስምምነቱ በግድ የተገኘ ነው።

```html
<label>
  <input type="checkbox" name="newsletter" value="yes">
  በወር አንድ ጊዜ የአዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር በኢሜይል
  ይላክልኝ። በማንኛውም ጊዜ መውጣት እችላለሁ።
</label>
```

ድረ ገጹን የሚሠራልዎት ሰው `checked` ወይም `required` የሚሉትን ቃላት እንዳይጨምርበት ይንገሩት። የዓረፍተ ነገሩን ቅጂና ድረ ገጹ ላይ የወጣበትን ቀንም ያስቀምጡ። ወደፊት ቃሉ ቢቀየር ማን የትኛውን አንብቦ እንደተስማማ መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው። «በወር አንድ ጊዜ» ብለው ከጻፉ ደግሞ በዓል ሲደርስ በሳምንት ሦስት ጊዜ መላክ የተስማሙበትን ማፍረስ ነው።

የመጀመሪያው ኢሜይል

በኪውአር ኮዱና በድረ ገጹ 60 ሰዎች ተመዝግበው 45ቱ አረጋገጡ እንበል። ኢሜይሉ የሚላከው ለእነዚህ 45 ነው። ላልመለሱት 15 ሌላ ማስታወሻ አይላክ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አድራሻቸው ይሰረዝ። ሰው መደብሩ መጥቶ «አልደረሰኝም» ካለ እንደገና መመዝገብ ይችላል፤ ያን ጊዜ የአይፈለጌ መልእክት ሳጥኑን አብረው ይዩለት።

ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ ወር ሁለት ወር አይቆዩ። የፈቀደ ሰው ይረሳል፤ የረሳ ሰው ደግሞ ያልፈቀደ ይመስለዋል። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ኢሜይል ሁለተኛ መስመር ላይ ለምን እንደደረሰው ይነገረው። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልን። ይህ የመጻሕፍት መደብራችን የመጀመሪያ ወርሃዊ ዝርዝር ነው። የደረሰዎት በድረ ገጻችን ላይ ተመዝግበው ስላረጋገጡ ነው፤ መቀበል ካልፈለጉ እዚህ ነክተው መውጣት ይችላሉ። በዚህ ወር አምስት መጻሕፍት ገብተዋል።»

መውጫውን ከላይም ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጂሜይል 102 ኪሎባይት ያህል ያለፈ ደብዳቤን መጨረሻውን ቆርጦ ይደብቃል። አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል አንድ ብቻ። የአማርኛ ደብዳቤ ከተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ቀድሞ ወደ ገደቡ ይደርሳል፤ አገልግሎቶቹ የሚጨምሩት የገጽ ማስዋቢያ ኮድም ብዙ ቦታ ይበላል። ግርጌው ሲቆረጥ አብሮ የሚጠፋው መውጫው ነው። እንዲያም ሆኖ ከግርጌው የመደብሩ ስም፣ ከተማው፣ ክፍለ ከተማውና ቀበሌው፣ ካለም የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ይጻፍ።

ከሚታየው መውጫ ሌላ በደብዳቤው ራስጌ የሚቀመጥ አለ፤ ጂሜይል ከላኪው ስም አጠገብ የመውጫ ቁልፍ የሚያሳየው በእሱ ነው። አገልግሎቶቹ ራሳቸው ይጨምሩታል፤ የእርስዎ ድርሻ መኖሩን ማየት ነው። ዝርዝሩን ከመላክዎ በፊት ለራስዎ አድራሻ አንድ ሙከራ ይላኩ። በኮምፒውተር ላይ በጂሜይል ከፍተው `Show original` የሚለውን ሲመርጡ ከላይ `SPF`፣ `DKIM` እና `DMARC` እያንዳንዳቸው `PASS` የሚል ሊኖራቸው ይገባል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ይፈልጉ፦

```
List-Unsubscribe: <https://example.com/u/abc123>
List-Unsubscribe-Post: List-Unsubscribe=One-Click
```

`FAIL` ካዩ ዝርዝሩን አይላኩ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የዶሜይን መዝገቡ ሲገለበጥ ክፍት ቦታ ገብቶበት ወይም ገና ሳይሰራጭ ቀርቶ ነው፤ አርመው በማግሥቱ ይሞክሩ። ሙከራውን በአንድሮይድ ስልክም ያንብቡት፤ ደንበኞችዎ የሚያነቡት በዚያ ነው። መውጫውን ራስዎ ነክተው ይውጡና በአገልግሎቱ ዝርዝር ላይ ስምዎ በእርግጥ መውጣቱን ይመልከቱ። የመውጫው ገጽ የይለፍ ቃል ወይም ምክንያት ከጠየቀ ቅንብሩን ይቀይሩ። የመልስ መቀበያ አድራሻውም የሚነበብ ይሁን። ብዙ ሰው መውጫውን ትቶ «እባካችሁ ተዉኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ያም የመውጣት ጥያቄ ነው፣ በእጅ ይፈጸምለት።

ከተላከ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት የተመለሱትን ይዩ። አድራሻው የለም ተብሎ የተመለሰ ደብዳቤ ዳግመኛ አይላክለትም፤ አገልግሎቶቹ በራሳቸው ያግዱታል። የወጣ ሰውን ግን ጨርሶ ከመሰረዝ ይልቅ በእገዳ ዝርዝር ላይ አድራሻውን ብቻ ማስቀረት ይሻላል፤ አለዚያ የድሮ ፋይል እንደገና ሲገባ ሰውየው ሳያውቅ ይመለሳል። መረጃዬ ሁሉ ይሰረዝ ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ ግን የትዕዛዝ ታሪኩን፣ ከሰንጠረዥ የወረዱ ቅጂዎችን፣ በባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ የቀሩ ፋይሎችን ጭምር ይፈልጉ። ዳግም እንዳይላክለት አድራሻው ብቻ በእገዳ ዝርዝሩ ላይ እንደሚቀር ነግረውት፣ ሌላው መሰረዙን በአንድ መስመር ያሳውቁት።